«ምንጭ፦ ጉግል» ስለሚለው መስመር፤ ለወሎ መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልዲያና በሌሎችም የወሎ ከተሞችና ወረዳዎች የምታስተምሩ የተከበራችሁ መምህራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በደሴ ከተማ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የማገለግል ባለሙያ ነኝ። ጉዳዬ ተማሪዎቻችሁ ለቤት ሥራና ለቡድን ሥራ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ የሚያገኙትን ውጤት እንዴት መመዘን እንዳለባቸው ማስተማርን የሚመለከት ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ንባብ ክፍላችን የሚመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ጥያቄውን ከደብተራቸው ላይ እንዳለ ወደ ስልካቸው ይገለብጣሉ፣ ከላይ የወጣውን መልስ ወደ ወረቀት ያሰፍራሉ፣ በወረቀቱ ግርጌም «ምንጭ፦ ጉግል» ብለው ይጽፋሉ። ይህች የመጨረሻዋ መስመር ናት ደብዳቤውን ያስጻፈችኝ። ጉግል ስለ ታሪክም ሆነ ስለ ሥነ ሕይወት የጻፈው ጽሑፍ የለም፤ ሌሎች ሰዎች ከጻፉት መካከል ከጥያቄው ቃላት ጋር ይቀራረባል ያለውን ሰብስቦ ያቀርባል እንጂ። ስለዚህ «ምንጭ፦ ጉግል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ጽሑፉን ያየበትን መስኮት ነገረን እንጂ የጻፈውን ሰው አልነገረንም፤ እኛም መስመሩን አይተን ዝም ካልን ምንጭ ማለት ይህ ነው ብሎ ይቀበላል።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት ይልቅ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆይቼ ማሳየት እመርጣለሁ፤ የመረጥሁትም የእኛው ሀገር ጉዳይ የሆነውን የውጫሌ ውል ነው። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን በአውቶቡስ መስኮት የሚያውቋት ከተማ ናት። «የውጫሌ ውል መቼ ተፈረመ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ቀን፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት ብቻ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ከሚቀርቡልኝ ወረቀቶች ላይ በተደጋጋሚ የማነበው መልስ «የውጫሌ ውል በ1889 ዓ.ም. ተፈረመ» የሚል ነው።

ይህ መልስ ስሕተት መሆኑን ለማወቅ ሌላ ድረ ገጽ መክፈት እንኳ አያስፈልግም፤ ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አላገኘሁም። ለጦርነቱ ዋና ምክንያት የሆነው የውጫሌ ውል እንደሆነም ያው ተማሪ በዚያው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ውሉ በ1889 ከተፈረመ ግን ጦርነቱ በውሉ ምክንያት ሊነሣ አይችልም፤ ምክንያቱ ከውጤቱ በኋላ ይመጣልና። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተከታትለው ሳለ ተማሪው አለመጋጨታቸውን አይመረምርም፤ ሁለቱም ከስልኩ የመጡ ስለሆኑ ሁለቱም እውነት ናቸው ብሎ ያምናል።

ስሕተቱ የመጣበት መንገድ ግልጽ ነው። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1889 ነው። እንግሊዝኛውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው፣ ወይም በራሱ የሚተረጉም ፕሮግራም፣ ቃላቱን ሁሉ መልሶ ቁጥሩን እንደነበረ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሌላ ጸሐፊ ጽሑፉ በአማርኛ መሆኑን አይቶ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ዓ.ም.» የሚለውን ይጨምርበታል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ቁጥሩ ትክክለኛ የኢትዮጵያ ዓመት ይመስላል፤ ሦስተኛው ጸሐፊ ሲገለብጠውም የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም።

በዚህ ምሳሌ ላይ ይበልጥ እንድቆይ ያደረገኝ ሌላ ነገርም አለ። 1889 ዓ.ም. በእርግጥ በውጫሌ ውል ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው፤ ውሉ የተሰረዘበት ዓመት ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1896፣ በእኛ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ሙሉ በሙሉ ሽሮታል። ስለዚህ «የውጫሌ ውል» እና «1889» የሚሉትን አጣምሮ የሚፈልግ ተማሪ ሁለት ዓይነት ገጾችን ያገኛል። አንደኛው ዓይነት ገጽ በአውሮፓውያን ቁጥር ስለ መፈረሙ ይናገራል፤ ሌላው በኢትዮጵያ ቁጥር ስለ መሻሩ ይናገራል። ተማሪው ከውጤቶቹ ሥር የሚታዩትን ሁለት ሁለት መስመሮች ብቻ ካነበበ፣ ሁሉም 1889 ስለሚሉ ሁሉም የተስማሙ ይመስለዋል። ብዙ ውጤቶች አንድ ቁጥር መጥቀሳቸው ስምምነት እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የቤታችን ምሳሌ አላገኘሁም።

ዓመት መለወጡም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ተማሪዎች «8 መቀነስ» የሚለውን ብቻ ነው የያዙት። ከጃንዋሪ መግቢያ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ በእርግጥ 8 ዓመት ነው፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ግን 7 ዓመት ነው። ሜይ 1889 ላይ 8 ሲቀነስ 1881 ይገኛል፤ ይህ ትክክል ነው። ኦክቶበር 1896 ላይም እንዲሁ 8 የሚቀንስ ተማሪ ግን 1888 ያገኛል፤ ይህም የሰላሙን ውል በጥቅምት 1888፣ ከጦርነቱ ከአራት ወር በፊት ያስቀምጠዋል። አሁንም ስሕተቱን የሚያጋልጠው ቁጥሩን ከጎረቤቱ ክስተት ጋር ማስተያየቱ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ያገኙትን ዓመት ሁሉ፣ ከመቀበላቸው በፊት፣ አስቀድሞ ከተፈጸመና በኋላ ከተፈጸመ አንድ አንድ ክስተት መካከል እንዲያስገቡት ብታለማምዷቸው ትልቅ ነገር ነው። ለውጫሌ ውል እንዲህ ይሆናል፦ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ የሞቱት በመጋቢት 1881፣ ውሉ በሚያዝያ 1881፣ ዳግማዊ ምኒልክ የነገሡት በጥቅምት 1882 ነው። በዚህ መካከል 1889 የሚገባበት ቦታ የለም።

ይህን ሁሉ ያወቀ ተማሪ ቢኖርም፣ የፍለጋው ውጤት ለምን በዚህ ተራ እንደወጣ ካልገባው በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ እንደገና የመጀመሪያውን መልስ ይወስዳል። የመፈለጊያ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የሰበሰባቸውን ገጾች ከተጻፈለት ቃል ጋር ያስተያያል፤ ቃላቱ በርእሱና በጽሑፉ ውስጥ መገኘታቸውን፣ ሌሎች ገጾች ወደዚያ ገጽ መጠቆማቸውን፣ የቋንቋውንና የቦታውን ቅርበት፣ ሌላም ብዙ ነገር ይመለከታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የውሉን ቀን ከመዝገብ ጋር አስተያይቶ የሚያረጋግጥ ሰው የለም። አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ በላይ በሳጥን ውስጥ በትልልቅ ፊደል የሚወጣው አጭር መልስም ቢሆን ከአንድ ገጽ ላይ በራስ ሰር የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች ሳጥኑን የጉግል ፍርድ አድርገው ያዩታል፤ ከሥሩ የተጻፈውን የገጽ አድራሻ ግን አያነቡም። «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት ያለበት ውጤት ደግሞ ገንዘብ ተከፍሎበት የቀረበ ማስታወቂያ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በስልካቸው ላይ ማሳየት ይበቃል።

ፈላጊው ራሱ የሚጽፈው ቃልም ውጤቱን ይወስናል። «የውጫሌ ውል በ1889 ዓ.ም. ለምን ተፈረመ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አስቀምጦታል፤ የሚመጡለትም በአብዛኛው ያንኑ ቁጥር የያዙ ገጾች ናቸው። ጥያቄውን ከቁጥሩ ነጻ አድርጎ «የውጫሌ ውል የተፈረመበት ቀን» ብሎ ቢጽፍ ሌላ ዝርዝር ያገኛል። በአማርኛ ደግሞ የፊደላችን ነገር ይጨመርበታል፤ ዓድዋ፣ አድዋ፣ ዐድዋ እያልን እንጽፋለን፣ ሚያዝያና ሚያዚያ፣ ውጫሌና ዉጫሌ እያልን እንለዋውጣለን፤ በእነዚህ አጻጻፎች የሚገኙት ውጤቶችም ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ቢያንስ በሁለት አጻጻፍ መፈለግ አለበት። ለዚህ ርእስ ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ያሉ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ Treaty of Wuchale፣ የጣልያኑን ወገን ለማየትም Trattato di Uccialli ብለው እንዲፈልጉ አደርጋለሁ። ጣልያንኛ ባያነቡም ቀኑንና የፈራሚዎቹን ስም ይለያሉ፤ በጣልያን በኩል የፈረመው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መሆኑን፣ 1889 የሚለው ቁጥርም ከሜይ ወር ጋር ተያይዞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፉን በዓይናቸው ያያሉ። የቁጥሩ ምንጭ ያኔ ይገለጥላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ብዙዎቻችን ተማሪዎችን የምንመክራቸው ገጹን ከፍተው ገጹን ራሱን እንዲመረምሩት ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ ነው ወይ፣ የፊደል ግድፈት አለው ወይ፣ አድራሻው በምን ያልቃል፣ «ስለ እኛ» የሚል ክፍል አለው ወይ እያሉ እንዲጠይቁ። ይህ ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ገጹ ስለ ራሱ የሚናገረውን ሁሉ የጻፈው የገጹ ባለቤት ነው። መልኩን ማሳመር ዛሬ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በ.org የሚያልቅ አድራሻም ማንም ሰው ከፍሎ ሊያስመዘግበው የሚችል እንጂ የታማኝነት ማረጋገጫ አይደለም።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረጉት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በጥናቱ የተሳተፉት 45 ሰዎች ነበሩ፤ 10 የታሪክ ዶክተሮች፣ 10 በጋዜጠኝነት ሥራ የመረጃን እውነተኛነት የሚያጣሩ ባለሙያዎች፣ 25 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች። የማያውቋቸውን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ የታሪክ ምሁራንና ተማሪዎች ገጹን ከላይ ወደ ታች እያነበቡ በመልኩና በአርማው ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ትንሽ ካዩ በኋላ ትተውት ወጡ፤ ሌላ መስኮት ከፍተው የድርጅቱን ስም ፈለጉና ሌሎች ስለ እርሱ ምን እንደሚሉ አነበቡ። ከሁሉ ይበልጥ በትክክልም፣ በአጭር ጊዜም የፈረዱት እነርሱ ናቸው። እነዚሁ አጣሪዎች ውጤቶቹን ሲያገኙ የመጀመሪያውን ለመክፈት አልቸኮሉም፤ ዝርዝሩን እስከ ታች አይተው፣ አድራሻዎቹን አንብበው፣ ከዚያ በኋላ መረጡ። የታሪክ ዶክተሮች የተሳሳቱበትን ነገር የ15 ዓመት ልጅ በራሱ ይደርስበታል ብለን መጠበቅ የለብንም፤ ማሳየት አለብን።

ከዚህ የምወስደው ልማድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጣትን ይዞ ዝርዝሩን ማንበብ ነው። ሁለተኛው፣ ገጹን ከፍቶ ገጹ ውስጥ ከመቆየት ይልቅ ወጥቶ ስለ ጸሐፊው መጠየቅ ነው። ለሁለተኛው ልማድ ዊኪፔዲያ ጠቃሚ ነው፤ ስለዚህ «ዊኪፔዲያ አትክፈቱ» የሚለውን ትእዛዝ እንድትተዉት እለምናችኋለሁ። ተማሪው ከዚያ ላይ ገልብጦ እንዲያመጣ አልፈልግም፤ ነገር ግን አንድ ተቋም ምን እንደሆነ በአጭሩ ለማወቅ፣ ከገጹ ግርጌ የተዘረዘሩትን መጻሕፍትና መጽሔቶች ለማየት ጥሩ መነሻ ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ በሺዎች በሚቆጠሩ መጣጥፎች የተወሰነ ሲሆን እንግሊዝኛው ሚሊዮኖችን አልፏል፤ ስለዚህ በብዙ ርእስ ላይ የአማርኛው ገጽ አጭር ወይም ጭራሹን የሌለ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚችሉት ሁለቱንም ይክፈቱ።

በአማርኛ የሚፈልጉ ተማሪዎችን የሚያሳስት ሌላው ዋና ነገር መገልበጥ ነው። በቋንቋችን የተጻፉ ገጾች ጥቂት ስለሆኑ አንድ ጽሑፍ ከጦማር ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ሌላ ድረ ገጽ ይዞራል። ተማሪው አምስት ውጤት አይቶ «አምስቱም ይስማማሉ» ይላል። ፍርድ ቤት አምስት ሰው ቀርቦ ሁሉም «ከእገሌ ሰማሁ» ቢል ምስክሩ አንድ እገሌ ብቻ እንደሆነ፣ አምስቱ ገጾችም አንድ ጽሑፍ ከሆኑ እንደ አንድ መቆጠር አለባቸው። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከጽሑፉ ውስጥ ለየት ያለ አነጋገር ያለበትን ስድስት ወይም ሰባት ቃል መምረጥ፣ በትእምርተ ጥቅስ መካከል አስገብቶ መፈለግ፣ ከዚያም ቃል በቃል የሚመሳሰሉትን መለየት ነው። ትእምርተ ጥቅሱ በስልኩ ቁልፍ ላይ ያለው " መሆን አለበት። እንደ «ዳግማዊ ምኒልክ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ያለው ሐረግ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ማንም የሚጽፈው ስለሆነ ያለ መገልበጥም ይገኛልና። ጸሐፊው የሠራው የፊደል ግድፈት ያለበት ዓረፍተ ነገር ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ግድፈቱም አብሮ ስለሚገለበጥ ዝምድናው ወዲያው ይታያል።

ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ እንዴት እናድርገው የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። በአንድ ክፍል ያሉትን ተማሪዎች ብዛት፣ የመብራትና የኔትወርክ መቋረጡን፣ ስልክ የሌላቸውን ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ በእኛ ቤተ መጻሕፍት የምንሠራው በወረቀት ነው። አንድ ጥያቄ እፈልግና የውጤቱን ገጽ እንዳለ፣ ከሳጥኑና ከማስታወቂያው ጋር፣ አትሜ በፎቶ ኮፒ አባዛዋለሁ። ወረቀት መሆኑ ችግርን ከማለፍ በላይ ጥቅም አለው፤ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ዝርዝር ያያል (ስልክ ላይ ቢሆን ለእያንዳንዱ የተለያየ ሊወጣ ይችል ነበር)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረቀት ተጭኖ አይከፈትም፤ ተማሪው ሳይወድ ዝርዝሩን ያነባል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በአምስት በአምስት የተከፈሉ ተማሪዎች አንድ ወረቀት ይወስዳሉ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከእያንዳንዱ ውጤት አድራሻውን ብቻ አስምረው «ይህን ያወጣው ማን ነው?» ለሚለው በግምት ይመልሳሉ፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋዜጣ፣ ግለሰብ፣ ነጋዴ፣ ወይም «አይታወቅም»። «አይታወቅም» ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ መሆኑን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ አለዚያ ይፈጥራሉ። በሚቀጥሉት 10 ደቂቃዎች በውጤቶቹ ሥር በሚታየው ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ ከብበው «ዓ.ም.»፣ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ምንም አልተጻፈበትም» ብለው ይለያሉ። የውጫሌን ወረቀት ስንሠራ ክፍሉ ጸጥ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ምልክት ያልተጻፈበት 1889 ስንት እንደሆነ ሲቆጥሩ። ከዚያ ቡድኑ ቢከፍት የሚመርጣቸውን ሁለት ውጤቶች ከነምክንያታቸው ይጽፋል። የቀረው ጊዜ ክርክር ነው። ምርጫቸው ከመጀመሪያው ውጤት ጋር ቢገጥም ምንም ስሕተት የለበትም፤ የምፈልገው ምክንያቱን ነው። «መጀመሪያ ስለወጣ» ተቀባይነት የለውም፤ «ቀኑን፣ ወሩንና የአቆጣጠሩን ዓይነት ሦስቱንም ስለጻፈ» ተቀባይነት አለው።

ይህ ልምምድ የራሱ አደጋም አለው፤ ልሸሽገው አልፈልግም። አንዳንድ ተማሪዎች ስሕተትን ማግኘት ከለመዱ በኋላ «ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ ውሸት ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳሉ። ይህ የመጀመሪያውን መልስ ከመዋጥ አይሻልም፤ ሁለቱም ከመመርመር ያድናሉና። ስለዚህ በየወረቀቱ ላይ በደንብ የተሠራ፣ ጸሐፊው የታወቀ፣ ማስረጃውን የጠቀሰ ቢያንስ አንድ ውጤት መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ ተማሪዎቹም ለምን እንዳመኑት በዝርዝር እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ማመንም እንደ መጠርጠር ሁሉ ምክንያት ይፈልጋል።

ሌላው ወሰን ደግሞ፣ ቀን በማስተያየት የሚፈታ ጥያቄና በዚህ መንገድ የማይፈታ ጥያቄ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ውሉ መቼ እንደተፈረመ ለሚለው አንድ መልስ አለ፤ በሁለት አቆጣጠር ይጻፋል እንጂ ቀኑ አንድ ነው። ስለ 17ኛው አንቀጽና ስለ ሁለቱ መንግሥታት አሳብ ግን የኢትዮጵያና የጣልያን ጸሐፊዎች በየዘመናቸው የጻፉት የተለያየ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው የውጤቶችን ብዛት ቆጥሮ ቢፈርድ ይሳሳታል፤ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደጻፈው ጽፎ ሁለቱንም ማቅረብ ነው ያለበት። ከዚህም ሌላ የአካባቢያችን ታሪክ ብዙው ክፍል ጭራሹን ኢንተርኔት ላይ የለም። ስለ አንድ የአምባሰል መንደር ወይም ስለ አንድ የወረሂመኖ መስጊድ ፈልጎ ምንም ያላገኘ ተማሪ «እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። ባዶ ውጤት የሚነግረን በእነዚያ ቃላት የተጻፈ ገጽ እንዳልተገኘ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ እርምጃ መጽሐፍ መደርደሪያው ወይም የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው።

ከእናንተ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የቤት ሥራ ስትሰጡ «ምንጭ» በሚለው ምትክ ተማሪው ሦስት ነገር እንዲጽፍ ጠይቁት፦ የገጹን ስም፣ የጻፈውን ሰው ወይም ተቋም፣ ከመጀመሪያው ያልተገለበጠ ያንኑ የሚያረጋግጥ ሌላ ጽሑፍ። ለዚህም ከ10 ነጥብ 2 ወይም 3 ስጡበት፤ ነጥብ የሌለውን ነገር ተማሪ አይሠራውም። ሁለተኛው፣ ከተቻለ የጥያቄውን አጠያየቅ መለወጥ ነው። «የውጫሌ ውል መቼ ተፈረመ?» የሚለውን አንድ መስመር ተገልብጦ ይመልሰዋል። «ሁለት ጽሑፎች የውጫሌን ውል ዓመት አንዱ 1881፣ ሌላው 1889 ይላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ የሚችሉት እንዴት ነው? ትክክል የማይሆኑትስ መቼ ነው?» የሚለውን ግን የሚመልስ ሳጥን የለም። የታሪክ መምህራን ብቻ ሳይሆኑ የሥነ ሕይወትና የጂኦግራፊ መምህራንም የየራሳቸው 1889 እንዳላቸው እርግጠኛ ነኝ፤ የሕዝብ ቁጥር ያለ ዓመቱ ሲጻፍ፣ የተራራ ከፍታ በጫማና በሜትር ሲደባለቅ፣ የመድኃኒት መጠን ያለ መለኪያው ሲገለበጥ።

የውጫሌው ወረቀት ከመልስ ማብራሪያው ጋር ተዘጋጅቶ በንባብ ክፍላችን አለ፤ መጥቶ ለሚወስድ መምህር አንድ ዋና ቅጂ በነጻ እንሰጣለን፣ ማባዛቱ በትምህርት ቤቱ ይሆናል። በራሳችሁ ትምህርት ተመሳሳይ ወረቀት የምትፈልጉ፣ ተማሪዎቻችሁ ደጋግመው የሚሳሳቱበትን አንድ ጥያቄና እናንተ የምትቀበሉትን መልስ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ከምታስተምሩበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢደርሰኝ ውጤቱን ፈልጌ፣ አትሜ፣ የየገጹን ባለቤት አጣርቼ አስረክባችኋለሁ። ከደሴ ውጭ ላላችሁ ወረቀቱን በቴሌግራም እልካለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ደሴ